ብድሩ ደብረ ብርሃን፣ ደመወዙ አዲስ አበባ

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። ባለቤቴ መምህር ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት የሒሳብ ሥራ ሰጥቶኛል። እጄ ላይ የሚገባው ከአሁኑ በወር 9 ሺህ ብር ይበልጣል። ለቤት ክራይ ከጓደኛዬ ጋር ተጋርቼ 5 ሺህ፣ በየሳምንቱ ለመመላለስ ደግሞ 3 ሺህ ገደማ አወጣለሁ። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ጀምሪ ብለውኛል። መጋቢት አጋማሽ ላይ ሁለተኛ ልጃችንን እንጠብቃለን። እኔና ባለቤቴ በዓመት አንዴ ያለንን ሁሉ የምንገመግምበት አንድ ገጽ ቼክሊስት አለን። ግብ፣ ድልድል፣ ወጪ፣ የቤተሰብ ለውጥ የሚሉ ክፍሎች አሉት። የዘንድሮውን ሞልተን ልከንልዎታል። ሥራውን ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ?»

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የወረቀቱን ቅደም ተከተል ቀይሩ። «የቤተሰብ ለውጥ» መጨረሻ ላይ «ልጅ ይወለዳል» ተብሎ ብቻ ታልፏል። እሱ ነው ከላይ መምጣት ያለበት። ገንዘቡ መቼ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው እሱ ነው። ግቡም ድልድሉም ከዚያ በኋላ ነው የሚሞላው።

የሚገርመው፣ የጥያቄሽ መልስ ያለው «ወጪ» የሚለው ክፍል ግርጌ ላይ ነው። «የሠራተኛ ብድር፣ ቀሪ 400 ሺህ፣ ወለድ 7 በመቶ» ብላችሁ ጽፋችኋል። ይሄ 7 በመቶ ሠራተኛ ስለሆንሽ የተሰጠሽ ነው። ባንክ ስትለቂ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይመጣል። ወይ ቀሪውን በአንዴ ክፈይ ትባያለሽ፣ ወይ ወለዱ እንደማንኛውም ተበዳሪ ይሆናል። ውልሽ ላይ ወደ 17 በመቶ ከፍ ይላል እንበል። የ10 በመቶው ልዩነት በ400 ሺህ ላይ በዓመት 40 ሺህ ብር ነው። በወር 3,300 ገደማ ማለት ነው።

አሁን አብረን እናስላ። ከ9 ሺሁ ላይ ለወለዱ 3,300 ቀንሺ። ለክራይ 5 ሺህ፣ ለመንገድ 3 ሺህ ቀንሺ። በወር 2,300 ብር ትከስሪያለሽ። ምግብሽንና አንቺ በሌለሽበት ለልጅ ጠባቂ የሚከፈለውን ገና አልቆጠርንም። ዋናውን በአንዴ ክፈይ ከተባልሽ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይብሳል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ቢደመር እንኳ 400 ሺህ አይሞላም። ስለዚህ መልቀቂያ ከማስገባትሽ በፊት የብድር ውሉን አውጥተሽ «ከሥራ ሲለቅ» የሚለውን አንቀጽ አንብቢ። የሰው ኃይል ክፍሉንም በጽሑፍ ጠይቂ። በአፍ የሚነገርሽ በኋላ አያስይዝም።

ቀኑም ጥሩ አይደለም። የሙከራ ጊዜ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ከገባሽ የካቲት ውስጥ ያልቃል። የወሊድ ፈቃዱ ከነደመወዝ 120 ቀን ነው፤ 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው በኋላ። የአንቺ 30 ቀን የሚጀምረውም የካቲት ላይ ነው። ቋሚ መሆንሽ ሳይረጋገጥ ፈቃድ ልትወጪ ትችያለሽ። በአሁኑ መሥሪያ ቤትሽ ግን መብትሽ የታወቀ ነው።

ወደ ድልድሉ እንምጣ። የቁጠባ ሒሳብ 72 ሺህ፣ የምትሠሪበት ባንክ አክሲዮን 180 ሺህ፣ የኢትዮ ቴሌኮም 33 አክሲዮን 10 ሺህ ገደማ፣ እስካሁን የተከፈለ ዕቁብ 30 ሺህ፣ መንዝ አጎት ቤት ያሉት በጎች 48 ሺህ። ድምሩ 340 ሺህ ነው። የባንኩ አክሲዮን ብቻውን 53 በመቶ ይሆናል። አምና ግን «ከ35 በመቶ አይለፍ» ብላችሁ ጽፋችሁ ነበር።

ማንም ወስኖበት አይደለም የጨመረው። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ካፒታላቸውን 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ ካዘዘ ወዲህ ብዙዎቹ ትርፉን በጥሬ ገንዘብ ከመክፈል ይልቅ ወደ አዲስ አክሲዮን መቀየር ይመርጣሉ። እናንተም ፎርሙ ሲመጣ ፈርማችኋል፣ አለቀ። ደመወዝሽ፣ ብድርሽና ከግማሽ በላይ ሀብታችሁ አንድ ቤት ውስጥ ነው ያለው። ሥራ ለመቀየር አንድ ጥሩ ምክንያት አለ ከተባለ ለእኔ ይሄ ነው፤ ከ9 ሺሁ ይልቅ።

ደግሞ 180 ሺሁ በአክሲዮኑ የተጻፈ ዋጋ የተቆጠረ ነው። የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያው በ2017 ሥራ ቢጀምርም እዚያ የተመዘገቡት ባንኮች ገና ጥቂት ናቸው። የሌሎቹን ለመሸጥ ገዢ ራስሽ ትፈልጊያለሽ፣ ከዚያ ባንኩ ስሙን እስኪያዛውር ትጠብቂያለሽ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ንብረት ጎን «በስንት ቀን ብር ይሆናል?» የሚል ረድፍ ጨምሩ። ቁጠባው በዕለቱ። በጎቹ በአንድ የገበያ ቀን፤ ለፋሲካ ከሆነ ደግሞ በተሻለ ዋጋ። አክሲዮኑ ላይ ግን ቀን መጻፍ ትቸገራላችሁ።

የወር ወጪያችሁ ዕቁቡን ጨምሮ 24 ሺህ ነው። ቁጠባው 3 ወር ያስኬዳችኋል። ልጅ ለሚጠብቅና ከሁለቱ አንዱ ሥራ ሊቀይር ላሰበ ቤት 6 ወር ይሻላል፤ 144 ሺህ። የጎደለው 72 ሺህ ነው። ምንም ሳትሸጡ ሊሞላ ይችላል። ዘንድሮ 18 ሺህ የትርፍ ድርሻ ይደርሰናል ብላችኋል። ባንኩ ከፈቀደ በጥሬው ውሰዱት። 60 ሺህ ብር ዕቁብ ደግሞ ሚያዝያ ላይ ይደርሳችኋል። ሁለቱ 78 ሺህ ይሆናል።

ችግሩ ልጁ መጋቢት ላይ ነው የሚመጣው። ዳኛውን አነጋግራችሁ የካቲት ከደረሰው ሰው ጋር ተራ ለመለዋወጥ ሞክሩ። ከተሳካ ግን ወረቀቱን አስተካክሉ። የካቲት ላይ 60 ሺህ ስትቀበሉ የከፈላችሁት 45 ሺህ ብቻ ነው፤ የቀሪው ሦስት ወር 15 ሺህ ዕዳ ነው። ዕቁብ እስኪደርስ ቁጠባ፣ ከደረሰ በኋላ ብድር ነው። ሙሉውን 60 ሺህ ሀብት ብሎ መመዝገብ የተለመደ ስሕተት ነው።

ግቡን ባጭሩ፦ «ቤት መሥራት» አይበቃም። ዓመቱንና መጠኑን ጻፉ። በ3 ዓመት ውስጥ የሚፈለግ ብር አክሲዮን ላይ አይቀመጥም።

አንድ የረሳችሁትም አለ። አክሲዮኑ ሁሉ በአንቺ ስም ነው። በትዳር ውስጥ የተገኘ ስለሆነ በሕግ የጋራችሁ ነው፤ ቢሆንም ባለቤትሽ የምስክር ወረቀቱ የት እንዳለ፣ የብድሩ ቀሪ ስንት እንደሆነ፣ የዕቁቡ ጸሐፊ ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት። በቼክሊስቱ ላይ የሁለታችሁም ፊርማ ይኑር። መገምገሚያውንም ከጳጉሜ ወደ ታኅሣሥ አዛውሩት። ባንኮች ሒሳባቸውን ሰኔ ላይ ዘግተው ጉባኤ የሚጠሩት ብዙ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ጳጉሜ ላይ የምትጽፉት የትርፍ ድርሻ ግምት ነው።

ለድርጅቱ ዛሬ እምቢ አትበዪ። ሁለት ነገር ጠይቂ። ሥራውን ከወሊድ ፈቃድሽ በኋላ፣ ሐምሌ ላይ እንድትጀምሪ፤ እጅሽ ላይ የሚገባው ጭማሪም ከ9 ሺህ ወደ 14 ሺህ ከፍ እንዲል። 11,300 ላይ ኪሳራው ዜሮ ይሆናል፣ ከዚያ በላይ ያለው ነው ያንቺ። ሁለቱንም እምቢ ካሉ እዚያው ደብረ ብርሃን ቆዪ። የብድሩ ቀሪ 200 ሺህ ሲገባ የወለዱ ልዩነት በወር ወደ 1,700 ይወርዳል። ያኔ ተመሳሳይ ጥያቄ ቢመጣ ሒሳቡን እንደ አዲስ ሥሩት።