ክሬዲት ጽፌ ክሌም ለምን መጣብኝ?

«ሰላም የግሩፑ ልጆች፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። ስለ ደሴ በሠራሁት የዩቲዩብ ቪዲዮ ላይ ከኋላ አንድ የአምባሰል ዘፈን አስገብቻለሁ፣ የጦሳን የድሮን ምስል ደግሞ ከሌላ ቻናል ወስጃለሁ። የሁለቱንም ስም ዲስክሪፕሽን ላይ ጽፌ ነበር ግን ዘፈኑ ላይ ክሌም መጣብኝ። ክሬዲት ሰጥቼ ለምን? ዲስፒዩት ላድርግ?»

እህቴ ዲስፒዩቱን ለጊዜው ያዝ አድርጊውና መጀመሪያ ይሄን አንብቢው፣ በሁለቱም መንገድ አልፌበታለሁ።

ክሌሙን የላከብሽ ቁጭ ብሎ ቪዲዮሽን ያየ ሰው ላይሆን ይችላል። Content ID የሚባል ሲስተም አለ፣ አሳታሚዎች ዘፈናቸውን እዛ ያስመዘግባሉ፣ አንቺ ቪዲዮ ስትጭኚ ድምፁንና ምስሉን ከተመዘገበው ጋር ያስተያየዋል፣ ከገጠመ ክሌም ያደርጋል በቃ። ዲስክሪፕሽንሽን አያነብም። ስለዚ የዘፋኙን ስም ብትጽፊም ባትጽፊም ለሱ አንድ ነው፣ «የኮፒራይት ጥሰት ለማድረግ አይደለም» የምትለዋም ዓረፍተ ነገር ምንም አትከላከልም፣ «ከ10 ሰከንድ በታች ከሆነ ችግር የለውም» የሚባለውም እንደዛ የሚል ደንብ የለም።

ምን መሰለሽ፣ ክሬዲት ማለት ይሄ የማን እንደሆነ መናገር ነው፣ ፈቃድ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የጎረቤትን በሬ ሳትጠይቂ ጠምደሽ ላላፊ አግዳሚው ሁሉ «በሬው የነእገሌ ነው» ብትዪ እውነት ተናገረች ይባላል እንጂ አስፈቅዳለች አይባልም።

አምባሰል ነው ያልሽው ነገር ላይ ብዙ የኛ አካባቢ ልጆች ይሳሳታሉ። አምባሰልም ባቲም ቅኝቶች ናቸው፣ የማንም የግል ንብረት አይደሉም፣ አንቺም ክራር ይዘሽ በአምባሰል ቅኝት ብትጫወቺ የሚጠይቅሽ የለም። የድሮ የህዝብ ዜማ ከሆነም ዜማው የህዝብ ነው። ግን አንቺ ቪዲዮሽ ላይ ያስገባሽው ቅኝቱን አይደለም፣ አንድ ዘፋኝ ስቱዲዮ ገብቶ የዘፈነውን፣ አንድ አሳታሚ ገንዘብ አውጥቶ ያስቀረፀውን ቅጂ ነው። የኛ ሀገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ም «ተዛማጅ» የሚለው ለዚህ ነው፣ ከዜማና ከግጥም ደራሲው ሌላ የከዋኙና የድምፅ ቅጂ አዘጋጁ መብት ለብቻው ተጠብቋል። ስለዚ «ዜማው የህዝብ ነው» ብለሽ ዲስፒዩት ብታደርጊ አያዋጣሽም፣ ባለመብቱ ዲስፒዩትሽን ሊቀበል ወይ ሊጥለው ይችላል፣ ቪዲዮው እንዲነሳ ቢጠይቅ ደግሞ ክሌሙ ወደ ስትራይክ ይቀየርብሻል።

በሁለቱ መሀል ያለውን ልዩነት እወቂው። ክሌም የሚነካው ያንን ቪዲዮ ብቻ ነው፣ የማስታወቂያው ገቢ ወደ ባለመብቱ ይሄዳል፣ ወይም እይታውን ብቻ ይከታተላል፣ ወይም ያግደዋል። ስትራይክ ግን ቻናሉን ነው የሚነካው፣ 90 ቀን ይቆያል፣ በዛ ውስጥ ሦስት ከሆነ ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል። እና ምናልባት አንቺን ያላሳሰበሽ የድሮኑ ምስል ነው ለኔ የሚያሳስበኝ። እኔ የሐይቅን ቪዲዮ ስሠራ ከአንድ ልጅ ቻናል 11 ሰከንድ የድሮን ምስል ወስጄ ስሙንና ሊንኩን ከታች አስቀመጥኩ፣ ክሌም የሚባል አልመጣም፣ እሱ Content ID ላይ ስላላስመዘገበ ማለት ነው። ከአራት ወር በኋላ ራሱ አይቶት እንዲነሳ ጠየቀ፣ ቪዲዮው ወረደ፣ ስትራይክ መጣብኝ። በሜሴጅ አገኘሁትና ይቅርታ ጠየቅኩት፣ «ስሜን መጻፍህ ጥሩ ነው፣ ግን ያን ድሮን ለማስነሳት ስንት ከፍዬ ነው የሄድኩት፣ ጠይቀኸኝ ቢሆን እሰጥህ ነበር» አለኝ፣ ደግነቱ ጥያቄውን አነሳልኝና ስትራይኩ ተሰረዘ። ክሌም አለመምጣቱ ፈቃድ አለኝ ማለት አይደለም፣ ይሄ ነው ልነግርሽ የፈለግኩት።

አሁን ክሬዲት የት ነው የሚሠራው ብትዪኝ፣ ባለቤቱ ራሱ «ስሜን በዚህ መልክ ከጻፍክ ተጠቀም» ብሎ በላይሰንስ በፈቀደው ሥራ ላይ ነው። በጣም የታወቀው CC BY የሚባለው ነው። እዛ ላይ ክሬዲቱ የፈቃዱ ዋጋ ነው፣ ሳትጽፊው ከተጠቀምሽ ፈቃዱም የለሽም።

የራሴን ልንገርሽ። የባቲን የሰኞ ገበያ ቪዲዮ ስሠራ የኬቨን ማክሊዎድን ሙዚቃ ተጠቀምኩ፣ incompetech.com ላይ በCC BY 4.0 ይሰጣል። ዲስክሪፕሽን ላይ የጻፍኩት «ሙዚቃ፦ ኬቨን ማክሊዎድ» ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ክሌም መጣ፣ ግን ከሱ ሳይሆን ከማላውቀው ሌላ ወገን፣ ያንኑ ሙዚቃ በራሱ ሥራ ውስጥ አስገብቶ ጠቅላላውን አስመዝግቦት ነው። ዲስፒዩት ከማድረጌ በፊት ዲስክሪፕሽኔን አየሁትና ጎደሎ ነው፣ የሙዚቃው ርዕስ የለም፣ ሊንክ የለም፣ የላይሰንሱ ስም የለም፣ መቁረጤንም አልገለጽኩም። የ4.0ው ላይሰንስ ደግሞ ጥሩ ነገር አለው፣ ጥፋትሽን ባወቅሽ በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከልሽ ፈቃዱ በራሱ ይመለስልሻል። እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፦

```
Music: Title by Artist
Source: (የወሰድሽበት ገጽ ሊንክ)
License: CC BY 4.0
https://creativecommons.org/licenses/by/4.0/
Changes: shortened
```

በTitle እና በArtist ቦታ እውነተኛውን ርዕስና ስም ትተኪያለሽ። ከዛ ስቱዲዮ ገብቼ ክሌሙ ላይ See details ብዬ Dispute አልኩና ምክንያቱን License መረጥኩ፣ ማብራሪያው ላይ የሙዚቃውን ምንጭ፣ የላይሰንሱን ስምና «ክሬዲቱ ዲስክሪፕሽን ላይ አለ» የሚለውን በአጭሩ ጻፍኩ። ክሌም ያደረገው ወገን ለመመለስ 30 ቀን አለው፣ ለኔ በ19ኛው ቀን ለቀቀው። ክሌም በመጣ በ5 ቀን ውስጥ ዲስፒዩት ካደረግሽ ገቢው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተይዞ ይቆይና ለሚገባው ይከፈላል፣ ከዛ ካለፈ ግን ከዲስፒዩቱ ቀን ጀምሮ ያለው ብቻ ነው የሚያዘው፣ ስለዚ መብት ካለሽ አትዘግዪ። አየሽ እዚህም ላይ ክሬዲቱ ክሌሙን አላስቀረውም፣ ከመጣ በኋላ ማስረጃ ሆኖ ነው ያገለገለኝ። ወደ ቢዝነስ የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ NC የሚል ፊደል ያለበትን ላይሰንስ ተዪው፣ ለንግድ አይሆንም ማለት ነው፣ የማስታወቂያ ገቢውን ስታበሪ ከፈቃዱ ትወጫለሽ።

ወዳንቺ ስመለስ፣ ዘፈኑ ላይ ዲስፒዩት አታድርጊ፣ የሚይዝልሽ ፈቃድ የለሽም። ገቢው ለነሱ ይሂድ ካልሽ እንዳለ ተዪው፣ ካልሆነ ስቱዲዮ ውስጥ Replace song በዪና ከራሱ ከዩቲዩብ Audio Library ሌላ ምረጪ፣ ግን አንቺ በምታወሪበት ቦታ ከሆነ ድምፅሽ አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል ከማስቀመጥሽ በፊት አዳምጪው። ላይብረሪው ውስጥም License type የሚለውን ተመልከቺ፣ አንዳንዱ ክሬዲት ይጠይቃል አንዳንዱ አይጠይቅም፣ የሚጠይቀውን ጽሑፍ እዛው ኮፒ ታደርጊዋለሽ። የድሮኑን ግን ዛሬውኑ ለባለቤቱ ጻፊለት፣ የትኛው ሰከንድ ላይ እንደተጠቀምሽ ንገሪው፣ «እሺ» ካለ መልሱን ስክሪንሾት አድርገሽ አስቀምጪ፣ እስኪመልስልሽ ድረስ ቪዲዮውን ፕራይቬት አድርጊው ወይ ያንን ክፍል በTrim ቁረጪው። ጦሳ ደግሞ የትም አይሄድም፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ ታክሲ ይዘሽ አንድ ጠዋት በስልክሽ ብትቀርጪው የማንንም ስም መጻፍ አይጠበቅብሽም።