"የደረሰኝ ቁጥር" ወይስ "የደረሰኙ ቁጥር"? ለገቢዎች ስለሚጻፍ ማመልከቻ

ጥያቄ፦ "ጋሼ ሰላም ነዎት? ደሴ ሰኞ ገበያ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ለገቢዎች 'የ2016 ግብር 18,400 ብር የከፈልኩ ሲሆን የደረሰኝ ቁጥርም የተያያዘ ሲሆን ቀሪ 8,400 ብር አለብሽ ስለተባልኩ ይጣራልኝ' ብዬ ስልኬ ላይ የመጣውን ቁጥር ጨምሬ ጻፍኩ፣ እዛ ቢሮ የሚሠራው ልጅ 'የቱን ነው የምትዪው' ብሎ መለሰልኝ። በሁለት ጊዜ ነው የከፈልኩት። አማርኛዬ ምኑ ላይ ነው የተበላሸው?"

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ አማርኛሽ አልተበላሸም። የሰዋስው አስተማሪ ቢያየው ቀይ እስክሪብቶ የሚያነሳበት ነገር የለም። ግን ልጁ ሲያነበው ሦስት ቦታ ላይ መንገዱ ለሁለት ተከፍሎበታል፣ አንቺ በአንዱ ሄደሻል እሱ በሌላው። በጣም ከሚያንገበግበኝ ልጀምር፣ እሱም "የደረሰኝ ቁጥር" ነው።

ደረሰኝ የምንለው ወረቀት ስሙ ራሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው'ኮ። ደረሰ ግሱ ነው፣ ባለቤቱ ገንዘቡ ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ኝ ደግሞ ተሳቢዋ። "ገንዘቡ ደረሰኝ" ብሎ የሚናገረው ታዲያ ማነው? ከፋዩ አይደለም፣ ተቀባዩ ነው። አንቺ እጅ ላይ ያለው ወረቀት የገንዘብ ያዡ ቃል ነው ማለት ነው፣ በሱ አፍ "ደረሰኝ" ብሎ ፈርሞ ሰጥቶሻል። እንዲህ ግስ እንዳለ ስም ሲሆን አዲስ ነገር አይደለም፣ ይግባኝም እንደዛው ነው፣ እዛው ደሴ ያለው የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽም አይጠየፍ ነው የሚባለው፣ ግስ ነው ግን የቤት ስም ሆኖ ቀረ። (ስለ ግብር ካነሳን አይቀር፣ አይጠየፍ ውስጥ ይበላ የነበረው ግብርና አንቺ የምትከፍይው ግብር አንድ ቃል ነው። ግዕዙ ገብረ ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው፣ ገባርም ገበሬም ገብረ እያልን የምንጀምራቸው ስሞችም ከዛው ቤት ናቸው። ገባሩ የሚያስገባውም ጌታው የሚያበላውም በአንድ ስም መጠራቱ ሁሌ ይደንቀኛል።)

እና ችግሩ ምንድነው፣ ስሙም ግሱም መልካቸው አንድ ስለሆነ የ ስትጨምሪበት ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው የወረቀቱ ቁጥር፣ ሁለተኛው ለኔ የደረሰ ቁጥር፣ ማለትም "የደረሰኝ ደብዳቤ" እንደምንለው። ሌላ ቦታ ላይ ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ ነው ብለን እናመካኛለን፣ እዚህ ግን እሱም አያድነንም፣ በሁለቱም ረ ይጠብቃል፣ ጮክ ብለሽ ብታነቢውም ልዩነት የለውም። አንቺም ራስሽ'ኮ ሁለተኛውን ነው የሠራሽው! ስልክሽ ላይ የደረሰሽን ቁጥር ነው የጻፍሽው። በFT የሚጀምር ከሆነ እሱ ባንኩ ለዝውውሩ የሰጠው ቁጥር ነው፣ ከFT ቀጥሎ ያሉት ሁለት አሃዞችም የፈረንጅ ዓመት ናቸው፣ ሐምሌ 2016 ላይ ከከፈልሽ 24 ሆኖ ታዪዋለሽ። ገንዘቡ ካንቺ ሂሳብ መውጣቱን ያሳያል። የገቢዎች ደረሰኝ ግን ጽሕፈት ቤቱ ስሊፑን አይቶ የሚቆርጠው ነው፣ የራሱ ተከታታይ ቁጥር ወረቀቱ ላይ ታትሞበታል። ልጁ መዝገብ ውስጥ የሚፈልገው እሱን ቁጥር ነው፣ FT ብትሰጪው ምን ላይ ይፈልገዋል።

መፍትሔው አንዲት ፊደል ናት። "የደረሰኙ ቁጥር" በይ። ኝ ላይ ኡ ስትገባ ነገሩ ያለቀለት ስም ይሆናል፣ ምክንያቱም ግሱ ላይ ኝ ካለች ኡ ከላይዋ አትደረብም። "የመጣው ሰው" ይባላል፣ "የሰጠኝ ሰው" ይባላል፣ "የሰጠኙ ሰው" የሚል ግን ከራያ እስከ ቦረና ብትሄጂ አታገኚም። ስለዚህ "የደረሰኙ" ሲባል ወረቀቱ ብቻ ነው፣ ሌላ በር የለውም።

"ዐውዱ ይፈታዋል፣ ይሄን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም" የሚሉ አሉ፣ አውቃቸዋለሁ፣ ስንት ጊዜ ተከራክረናል። ፊት ለፊት ቁጭ ብለው ሲያወሩ ልክ ናቸው፣ እጄን ወደ ወረቀቱ ዘርግቼ "የደረሰኝ ቁጥሩ ይኸው" ብል ማን ይሳሳታል። ማመልከቻ የሚያነብ ሰው ግን አንቺን አያይም፣ እጅሽንም አያይም፣ ለሱ ዐውዱ የጻፍሽለት ወረቀት ብቻ ነው፣ ወረቀቱ ራሱ ሁለት ከሆነበት በምን ይፍታው? አንዳንዱ ደግሞ "ሪሲት ቁጥር በሉና ተገላገሉ" ይላል። እውነቱን ለመናገር ሪሲት ሁለት ትርጉም የለውም፣ ገበያውም ውስጥ ከደረሰኝ እኩል እየተባለ ነው፣ በዚህ በኩል ማስረጃው ከነሱ ጋር ነው። እኔ ግን አልጽፈውም። ደረሰኝን የመሰለ ቃል እያለን ሪሲት ማለት ሆዴ አይፈቅድም፣ በቃ።

ወደ "የ2016 ግብር" እንሂድ። ይቺ የ እንደ ግዕዟ ዘ ብዙ ትሸከማለች፣ "ለ2016 የሚከፈል" ትላለች፣ "በ2016 የተከፈለ"ም ትላለች። በሌላ አገር አቆጣጠር ቢሆን ምናልባት ችላ ይባል ነበር፣ እኛ ጋ ግን ሁለት አዲስ ዓመት ነው ያለን። ለሰው ዓመቱ የሚዞረው መስከረም 1 ነው፣ ለግብርና ለበጀት ሐምሌ 1። የ2016 የግብር ዘመን ሐምሌ 1 ቀን 2015 ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን 2016 ያልቃል። አንቺ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ስትከፍይ ዓመቱ ላንቺ ገና 2016 ነው፣ ዘንድሮ ነው የምትዪው፣ ለበጀት ግን 2017 ገብቷል። እንግዲህ ልጁ "በ2016 የገባ" ብሎ ከሐምሌ 2015 እስከ ሰኔ 2016 ያለውን መዝገብ ቢገልጥ የሚያገኘው ከዛ በፊት የነበረውን ዓመት ግብርሽን ነው፣ የአሁኑን በፍጹም አያገኘውም። ቀሪ ተብሎ የመጣብሽ 8,400ም ሁለተኛው ክፍያሽ በቀኑ ምክንያት ለ2017 ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፣ እንደዛ ከሆነ የሚታወቀው ዘመኑን ከነጫፍና ጫፉ ስትጽፊለት ነው። አምና፣ ዘንድሮ፣ ካቻምና የሚሉትን ደግሞ ጭራሽ ማመልከቻ ውስጥ አታግቢያቸው፣ ደብዳቤው ነሐሴ ላይ ተጽፎ መስከረም ላይ ሊነበብ ይችላል። ቃሎቹን እወዳቸዋለሁ፣ ግን የአፍ ናቸው።

ሦስተኛው "18,400 ብር የከፈልኩ" ያልሽው ነው። ከፈለ በግዕዙ ማካፈል፣ መለየት ነው፣ ክፍልም ክፍያም ክፍፍልም ከዛ ነው የመጡት፣ ገንዘብ መስጠት የሚለው ትርጉም ከራስ ድርሻን ቆርሶ ከመስጠት የመጣ ይመስለኛል። ለዚህ ነው ከፈልኩ ሲባል አለቀ ማለት ያልሆነው፣ ግማሹን የከፈለም ከፈልኩ ይላል። ለዓመታት "ክፍያ ፈጽሜያለሁ" የሚለውን ሳይ ስሰርዝ ነው የኖርኩት፣ ከፍያለሁ እያለ ለምን በሁለት ቃል እንጎተታለን እል ነበር። አሁን ሳስበው ፈጸመ ጨረሰ ማለት ስለሆነ ሰዎቹ አለቀ የሚለውን ሲፈልጉ ነው ለካ፣ ቢሮውም ሁሉ ወዶታል፣ ይሁን። እኔ ግን "ከፍዬ ጨርሻለሁ" የሚለውን እመርጣለሁ፣ ጆሮ ላይ የሰው ቋንቋ ነው። ዋናው ግን ድምሩንና ክፍያዎቹን መለየት ነው። አንቺ ጋ 18,400 የተወሰነብሽ ነው፣ አንድ ቀን የተከፈለ ገንዘብ አይደለም፣ 18,400 የሚል ደረሰኝ ቢፈለግ አይገኝም፣ የሚገኘው ሁለት ወረቀት ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምጽፈው፣ ቀኑንም የክፍያዎቹን ልክም የደረሰኙንም ቁጥር ከራሴ ስለሞላሁት ያንቺን ታስገቢበታለሽ፦

"ጉዳዩ፦ ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. የከፈልኩት 8,400 ብር እንዲጣራልኝ ስለመጠየቅ

ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ላለው የግብር ዘመን የተወሰነብኝ የንግድ ሥራ ገቢ ግብር 18,400 (አሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ) ብር ነው። ይህን ግብር በሁለት ጊዜ ከፍዬ ጨርሻለሁ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. 10,000 ብር ከፍያለሁ፤ የደረሰኙ ቁጥር 0041873 ነው። ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. 8,400 ብር ከፍያለሁ፤ የደረሰኙ ቁጥር 0046210 ነው። ሆኖም መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም. በተሰጠኝ ማስታወቂያ ለዚሁ የግብር ዘመን ቀሪ 8,400 ብር እንዳለብኝ ተገልጿል። ሁለተኛው ክፍያ ለየትኛው የግብር ዘመን እንደተመዘገበ ተጣርቶ እንዲስተካከልልኝ እጠይቃለሁ። የሁለቱን ደረሰኞች ኮፒ አያይዣለሁ።"

ከላይ ስምሽንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርሽን አሥሩንም አሃዝ ታሰፍሪያለሽ (ቲን ነምበር ብትዪውም ማንም አይቆጣሽም፣ እሱን ክርክር ከተሸነፍኩ ቆየሁ)። "በደረሰኝ ማስታወቂያ" ሳልል "በተሰጠኝ" ያልኩት አውቄ ነው፣ ደረሰኝ ወረቀት በሆነበት ደብዳቤ ውስጥ ደረሰኝ የሚለውን ግስ ማስገባት ተመልሶ ጭቃ ውስጥ መግባት ነው። "ሲሆን ሲሆን" እያለ የሚሄደውንም ቆርጬዋለሁ፣ በሲሆን የተያያዘ ነገር የትኛው ዋና የትኛው ተጨማሪ እንደሆነ አይለይም፣ እያንዳንዱ ክፍያ ከነቀኑ፣ ከነብሩ፣ ከነደረሰኙ በአንድ አራት ነጥብ ይዘጋ። ቁጥሩን ስትገለብጪ ከፊት ያሉትን ዜሮዎች እንዳትተያቸው፣ ካርቦን ያለበት ቅጂ ከሆነ ደግሞ 3 እና 8 ስለሚመሳሰሉ ብርሃን ላይ አድርገሽ እዪው፣ በእጅ የተሞላውን የብር ልክም ከታተመው ቁጥር ጋር እንዳታምታቺው።

ባንኩ የላከልሽን የFT ቁጥር ግን አትጣዪው። ደረሰኙ ከጠፋብሽ ወይ ቁጥሩ ካልተነበበ ገንዘቡ የወጣበትን ቀን የሚያሳይልሽ እሱ ነው፣ ያኔ "የባንክ ዝውውር ቁጥር" ብለሽ በሙሉ ስሙ ለብቻው ጻፊው፣ "የደረሰኝ ቁጥር" ግን አትበዪው።