ሪከረንስን በባሕርያዊ እኩልታ መፍታት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (የሁለተኛ ዓመት የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ)፦ መምህር፣ t(n) = t(n−1) + 2t(n−2) ሲሰጠን «መፍትሔው rⁿ ነው እንበል» ብለን እንጀምራለን። ይህ ግምት ከየት መጣ? ሌላ ነገር ለምን አንገምትም?

መልስ፦ አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው ይጀምሩ። ዝምድናው t(n) = 2t(n−1) ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ አባል የቀዳሚው እጥፍ ስለሚሆን መልሱ C·2ⁿ መሆኑ ያለ ምንም ዘዴ ይታያል። ሁለት ቀዳሚ አባላት ሲገቡም በአንድ ቋሚ ቁጥር እየተባዛ የሚሄድ ተርታ ይገኝ እንደሆነ መጠየቅ ተፈጥሯዊ ነው። rⁿን አስገብተን ሁሉንም በrⁿ⁻² ስናካፍል n ፈጽሞ ይጠፋና r² = r + 2 ብቻ ይቀራል፤ ባሕርያዊ እኩልታ የምንለው ይህንኑ ነው። ግምቱን ትክክል የሚያደርገው የn መጥፋት ነው። አባዢዎቹ ቋሚ ባይሆኑ፣ ለምሳሌ t(n) = n·t(n−1) ቢሆን፣ n ስለማይጠፋ ዘዴው አይሠራም።

ሥሮቹ 2 እና −1 ናቸው። ዝምድናው መስመራዊና ነጻ ቁጥር የሌለው ስለሆነ ሁለቱ ተርታዎች በማናቸውም ቁጥሮች ተባዝተው ቢደመሩ ድምሩ ያንኑ ዝምድና ያሟላል፤ ስለዚህ t(n) = A·2ⁿ + B·(−1)ⁿ እንጽፋለን። Aንና Bን የሚወስኑት የመነሻ ዋጋዎች ናቸው።

ይህ ዝምድና የሚመጣበትን አንድ ቦታ ልጥቀስ። ወርዱ 2፣ ርዝመቱ n የሆነ ወለል በ1×2 እና በ2×2 ንጣፎች በስንት መንገድ ይሸፈናል? በጫፉ ላይ ያለው አንድ የቆመ ንጣፍ ከሆነ n−1 ርዝመት ይቀራል፤ ሁለት የተጋደሙ ንጣፎች ወይም አንድ 2×2 ከሆነ ግን n−2 ይቀራል፤ የ2 አባዢነትም ከዚህ ይመጣል። ባዶ ወለል የሚሸፈነው በአንድ መንገድ፣ ማለትም ምንም ባለማድረግ ስለሆነ t(0) = 1 ነው፤ t(1)ም 1 ነው። A + B = 1 እና 2A − B = 1 ሲፈቱ A = 2/3፣ B = 1/3 ይሆናሉ፤ t(n) = (2ⁿ⁺¹ + (−1)ⁿ)/3 ማለት ነው። ከዝምድናው በቀጥታ ሲቆጠር 1፣ 1፣ 3፣ 5፣ 11 ይመጣል፤ ቀመሩም ለn = 4 33/3 = 11 ይሰጣል። ማረጋገጫውን ሁልጊዜ Aንና Bን ለማግኘት ባልተጠቀሙበት አባል ላይ ያድርጉ። t(0) እና t(1) ሥሮቹ ተሳስተው ቢሆን እንኳ ትክክል ሆነው ይወጣሉ፤ ስሕተቱን የሚያጋልጠው t(2) ነው።

ጥያቄ፦ a(n) = 6a(n−1) − 9a(n−2)፣ a(0) = 1፣ a(1) = 6 ላይ r = 3 ሁለት ጊዜ ወጣልኝ። A·3ⁿ + B·3ⁿ ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለት ሥር ስላለ ሁለት ቋሚ ያስፈልጋል ብዬ ነው። ግን አልፈታ አለኝ።

መልስ፦ ሁለት ቋሚዎች ማስፈለጋቸውን በትክክል ተረድተዋል። ይሁን እንጂ A·3ⁿ + B·3ⁿ ማለት (A+B)·3ⁿ ስለሆነ፣ ሁለት ፊደል ቢጻፍም ያለው ቋሚ አንድ ብቻ ነው። የመነሻ ዋጋዎቹ A + B = 1 እና 3(A + B) = 6 ይላሉ፤ ሁለቱ ደግሞ አብረው ሊሆኑ አይችሉም። የጎደለው ሁለተኛ ተርታ n·3ⁿ ነው።

ይህን በቃል ከመያዝ ይልቅ አስገብተው ይመልከቱት። 6(n−1)3ⁿ⁻¹ − 9(n−2)3ⁿ⁻² የሚለው 3ⁿ ሲወጣለት 3ⁿ[2(n−1) − (n−2)] ይሆናል፤ በቅንፉ ውስጥ ያሉት −2 እና +2 ተጣፍተው n ብቻ ይቀራል። የሚጣፉትም ሥሩ ድርብ በመሆኑ ነው፤ ሥሩ ነጠላ ቢሆን ትርፍ ቁጥር ይቀር ነበር። ከየት እንደ መጣ ለማየት ደግሞ ሥሮቹ 3 እና 3+h የሆኑ፣ h እጅግ ትንሽ የሆነበትን ዝምድና ያስቡ። ((3+h)ⁿ − 3ⁿ)/h የዚያ ዝምድና መፍትሔ ነው፤ h ወደ ዜሮ ሲጠጋም n·3ⁿ⁻¹ ይሆናል። ሁለቱ ሥሮች ሲገጥሙ ልዩነታቸው በዚህ መልክ ይቀራል ማለት ነው።

አሁን a(n) = (A + Bn)·3ⁿ ብለን A = 1፣ 3(1 + B) = 6፣ B = 1 እናገኛለን፤ መልሱ (n+1)·3ⁿ ነው። a(2) በዝምድናው 36 − 9 = 27፣ በቀመሩም 3·9 = 27 ነው።

ጥያቄ (ሌላ ተሳታፊ)፦ መጨመር የምፈልገው ነገር አለ። a(0) እና a(1) ብቻ ሳይሆን የትኞቹም ሁለት አባላት ቢሰጡ በቂ ናቸው። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ ተከታታይ ከሆኑ፣ የመጨረሻው አባዢም ዜሮ እስካልሆነ ድረስ፣ አዎ፤ ከእነርሱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መቁጠር ይቻላል። ተራርቀው ከተሰጡ ግን ዋስትና የለም። በa(n) = 4a(n−2) ሥሮቹ 2 እና −2 ናቸው። a(0) = 1 እና a(2) = 4 ቢሰጥ ሁለቱም A + B = 1 ከማለት አያልፉም፤ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው አባላት ሳይወሰኑ ይቀራሉ። ከዚህ የከፋው a(2) = 5 ሲባል ነው፤ ያን ጊዜ መፍትሔ ጭራሹን አይኖርም።

ጥያቄ፦ እኔ የሒሳብ ሰው አይደለሁም፤ የቁጠባ ጉዳይ ነው። 1,000 ብር አስቀምጬ በዓመት 10 በመቶ ወለድ ቢታሰብልኝና በየዓመቱ መጨረሻ 500 ብር ብጨምር፣ ባሕርያዊ እኩልታው r = 1.1 ሆኖ 1,000·1.1ⁿ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም፤ በየዓመቱ የሚጨመረው 500 በስሌትዎ ውስጥ ጠፍቷል። s(n) = 1.1s(n−1) + 500 ውስጥ ነጻ ቁጥር ስላለ ዘዴው እንዳለ አይሠራም። ሆኖም የአንዱን ዓመት እኩልታ ከቀጣዩ ሲቀንሱት 500 ይጠፋና s(n) = 2.1s(n−1) − 1.1s(n−2) ይቀራል። ሥሮቹ 1 እና 1.1 ናቸው። ከአንድ የኋላ አባል ወደ ሁለት ስለ ተሸጋገርን ሁለተኛ የመነሻ ዋጋ ያስፈልገናል፤ እርሱንም ከመጀመሪያው ዝምድና s(1) = 1,600 ብለን እናወጣለን። A + B = 1,000 እና A + 1.1B = 1,600 ሲፈቱ B = 6,000፣ A = −5,000 ይሆናሉ፤ s(n) = 6,000·1.1ⁿ − 5,000። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 2,260 ብር ይኖርዎታል፤ 1,600·1.1 + 500ም ያንኑ ይሰጣል።

ጥያቄ (ፕሮግራመር)፦ p(n) = (10/3)p(n−1) − p(n−2)፣ p(0) = 1፣ p(1) = 1/3። በወረቀት (1/3)ⁿ ወጣልኝ፣ ኮዱ ግን መጀመሪያ ካነሰ በኋላ እየፈነዳ ይሄዳል። ቀመሬ ተሳስቷል?

መልስ፦ ቀመርዎ ትክክል ነው። ሥሮቹ 3 እና 1/3 ሲሆኑ የመነሻ ዋጋዎቹ ለ3ⁿ የሚሰጡት ቋሚ በትክክል ዜሮ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን 1/3ንም 10/3ንም አጠጋግቶ ስለሚይዝ ያ ቋሚ ዜሮ መሆኑ ቀርቶ ከ10⁻¹⁷ የማይርቅ ትንሽ ቁጥር ይሆናል። ይህ ስሕተት በየእርምጃው በ3 ሲባዛ እውነተኛው መልስ በ3 ይካፈላል፤ ስለዚህ በተለመደው ድርብ ትክክለኛነት ከ20ኛው አባል አካባቢ ጀምሮ የሚታተመው ስሕተቱ ብቻ ነው። ምልክቱ ተከታታይ አባላትን ሲያካፍሉ ውጤቱ ከ1/3 ተነሥቶ ወደ 3 መዞሩ ነው። በክፍልፋይ ቢያሰሉት ይድናል፦

```python
from fractions import Fraction as F
a, b = F(1), F(1, 3)
for _ in range(30):
    a, b = b, F(10, 3)*b - a
print(a == F(1, 3)**30)
```

ይህ `True` ያትማል።

ጥያቄ፦ የመነሻ ዋጋዎቹን ብቻ አይቶ፣ ተርታው አንድ ቀን ዜሮ ይደርስ እንደሆነ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ ከሥሮቹ አንዱ በመጠን ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥ ከሆነና ቋሚውም ዜሮ ካልሆነ ቀላል ነው፤ ከተወሰነ አባል በኋላ እርሱ ሌሎቹን ስለሚውጥ ጥቂት አባላትን መፈተሽ ይበቃል። የሚያስቸግረው ብዙ ሥሮች በመጠን እኩል ሲሆኑ፣ በተለይ ውስብስብ ቁጥሮች ሲሆኑ ነው። ኖርዌያዊው ቶራልፍ ስኮለም በ1930ዎቹ ባጠናው በዚህ ጥያቄ፣ አባዢዎቹና የመነሻ ዋጋዎቹ ሙሉ ቁጥሮች ሆነው እስከ አራት የኋላ አባላት ላላቸው ዝምድናዎች መወሰኛ ስልት ተገኝቷል። ለአምስትና ከዚያ በላይ ሁሉንም የሚያዳርስ ስልት እስካሁን አልታወቀም።