ፋሲካ ይለፍና

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራ አንዲት ወጣት ፋርማሲስት ደንበኛ ቀለል እስኪል ጠብቃ ስልኳን አቀበለችኝ። «እትዬ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝና ልላካት» አለች። ቅዳሜ ከአንድ ልጅ ጋር ቡና ጠጥተዋል። ልጁ ጨዋ ነው፣ ያስቃል፣ አስተናጋጇን በአክብሮት ነው የሚያናግራት። እሷ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ አብራው ተቀምጣ ልቧ ንቅንቅ አላለም። እሑድ ጠዋት «መቼ እንገናኝ?» ብሎ ጽፎላታል። ያረቀቀችው መልስ እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ወንድሜ፣ በጣም ጥሩ ሰው ነህ። ለጊዜው ሥራ በዝቶብኛል፣ ጾሙ ይለፍና እናያለን።»

«ጾሙ ይለፍና» የምትለውን ሳነብ ሆዴ ባባ። እኔም ብያታለሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሞባይል የሚባል ነገር አልነበረም። ጓደኛዬ ከአንድ የመንገድ ቀያሽ ጋር አስተዋወቀችኝና ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ሻይ ጠጣን። ዝግ ብሎ ነው የሚያወራው። ስለ አባቱ ቀፎዎች ሲያጫውተኝ አመሸ፤ ንብ ሲቆጣ ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ እያስመሰለ ሁሉ አሳየኝ። የጠላሁበት ነገር አልነበረም። ወደ ቤት ስሄድ ግን በአንበሳ አውቶቡስ መስኮት የማስበው ስለ ነገ ተረኛነቴ ነበር፤ ያኔ መልሱን አውቄዋለሁ።

ሲሰናበተኝ «በሚቀጥለው ሳምንት?» አለኝ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ይሉኝታ ያዘኝና «ፋሲካ ይለፍና» አልኩት። 55 ቀን ነው፤ ይረሳኛል ብዬ ነው። እሱ ደግሞ ጾሙን አክብራ ነው ብሎ አመነኝ። እኩለ ጾም ላይ አንዴ መሥሪያ ቤት ደወለ፣ «ደህና ነሽ ወይ» ለማለት ብቻ። ያን ጊዜ እንኳ ልነግረው እችል ነበር። «ደህና ነኝ» አልኩና ዘጋሁ።

የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሰኞ፣ በቆርቆሮ ማር ይዞ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ያየናል። ደንግጬ «ሰው አለኝ» አልኩት። ማንም አልነበረኝም። «እንኳን አደረሰሽ» ብሎ ማሩን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ሄደ። በጾሙ መካከል ቤተሰቦቹ ልጅ አይተውለት «ቃል አለብኝ» ብሎ እንደመለሳቸው ጓደኛዬ የነገረችኝ በኋላ ነው።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። መድኃኒት ሰጥተን ወረቀቱ ላይ «ሲመችህ ዋጥ» ብለን እንጽፋለን ወይ ብቻ ነው ያልኳት። ሳቀች። ከዚያ ረቂቁን አብረን አፈረስነው። «ለጊዜው» ወጣች፣ ምክንያቱም ጊዜው ሲያልፍ ልጁ ተመልሶ ይመጣል። «ሥራ በዝቶብኛል» ወጣች፤ ሥራ ይቀላል፣ ያውም ውሸት ናት። «ወንድሜ» እንድትቆይ ፈልጋ ነበር። ለታክሲ ረዳት ጥሩ ቃል ነው፤ ቅዳሜ በስሙ ስትጠራው ለዋለችው ሰው ግን በር መዝጊያ ይመስላል። «እርስዎ» ማለት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። «በጣም ጥሩ ሰው ነህ» የሚለውንም አልወደድኩትም፤ ለማንም ይባላል። በእውነት ደስ ያላትን አንድ ነገር ጠየቅኋት። አያቱ ሬዲዮ ሲሰሙ ከዜና አንባቢው ጋር እንደሚከራከሩ የነገራት ነገር ነው አለችኝ።

የላከችው ይኸው፦ «ሰላም። ለቅዳሜው ቡና አመሰግናለሁ፤ የአያትህ ነገር እስካሁን ያስቀኛል። ነገር ግን በፍቅር መንገድ የምንቀጥል ሆኖ አልተሰማኝም፤ ስለዚህ ድጋሚ አንገናኝም። እንዳትጠብቅ ብዬ ነው ቶሎ የነገርኩህ። መልካሙን ሁሉ እመኝልሃለሁ።»

ለምን እንዳልተሰማት አልጻፈችም። ምክንያት ከጻፍሽ ምክንያቱን ሊያስተካክል ይነሳል። ማታ ልትልከው ነበር፤ በምሳ ሰዓት ይሁን አልኳት፣ ሌሊቱን እንዳያድርበት። «ጓደኛ እንሁን» የሚለውን ያልጨመረችው ጓደኛ ልትሆነው ስላላሰበች ነው።

የዛሬ ልጆች አንድ ቃል ሳትሉ ብሎክ አድርጋችሁ ስትጠፉ ያናድደኛል። አንድ ማኪያቶ የጋበዘ ሰው ሦስት መስመር አያንሰውም። እርግጥ ነው፣ ከእኔ 55 ቀን የእናንተ ብሎክ ይሻል ይሆናል፤ ቢያንስ ማር ይዞ የሚመጣ የለም። አልፈልግም ተብሎ የሚጨቀጭቅ ወይም የሚያስፈራራ ሲሆን ደግሞ እኔም ብሎክ አድርጊ ነው የምለው።

ከሰዓት ልጁ «እሺ፣ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» ብሎ መለሰ። አሳዘናት። «ምን ልበለው?» አለችኝ። ምንም አትበይ አልኳት።

የዚያን ጊዜውን ማር ለባልደረቦቼ አካፈልኩ። የተረፈኝን ግን እስከ መስከረም አልነካሁትም።