አራት ሆነን አንድ ፕረዘንቴሽን፦ ማን ምን ይያዝ?

እዚህ 6 ኪሎ አካባቢ ሳስተምር ብዙ የግሩፕ ፕረዘንቴሽን ሰምቻለሁ። ጠይቁኝ።

መምህር፣ 15 ደቂቃ ተሰጥቶናል፣ ስላይዱ 12 ነው። ሦስት ሦስት ብንካፈል ፍትሐዊ አይደለም?

ሁሉም ድርሻ ይኑረው ማለትህ ልክ ነው። ግን ስላይድ እኩል አይመዝንም። የርዕሱ ስላይድ 20 ሰከንድ ይበቃዋል፤ ሰንጠረዥ ያለበት ሦስት ደቂቃ ሊበላ ይችላል። ይልቅ የሥራ ሰዓት ተካፈሉ። መረጃ መሰብሰቡን፣ ስላይዱን፣ ንግግሩን፣ ጥያቄ መመለሱን ወረቀት ላይ አስፍሩ፤ ከጎኑ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ገምቱ።

አንዷ ልጅ መድረክ ላይ ድምፅዋ ይጠፋል። ስላይድ ብቻ ትሥራ ብንላትስ?

መጀመሪያ ማርኩ በግል ነው ወይስ በግሩፕ የሚሰጠው? በግል ከሆነ ዝም ማሰኘታችሁ እሷን ይጎዳል።

አንድ ግሩፕ ላጫውትሽ። የ4 ኪሎን የታክሲ ሰልፍ አጥንተው ነበር። ዓይነ አፋሯ ልጅ ሰልፉ ዳር ቆማ ስትቆጥር፣ ቁጥሩንም ሰንጠረዥ ላይ ስታሰፍር 8 ሰዓት ሄዶባታል። አንደበተ ርቱዑ ልጅ የሠራው 3 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ መክፈቻና መዝጊያው፣ በድምሩ 5 ደቂቃ፣ የእሱ ዕዳ ሆነ። የመምህሩን ጥያቄ ቀድሞ የሚቀበለውም እሱ ነው። ስላይድ የሠራችው 4፣ ቀን ሥራ የሚውለው ልጅ 3፣ ዓይነ አፋሯ 2 ደቂቃ ያዙ። 1 ደቂቃ ለመጠባበቂያ ተረፈ።

ሁለቱን ደቂቃ የተናገረችው በራሷ ሰንጠረዥ ላይ ነው። የራሷን ቁጥር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለማ! ተራዋም ሦስተኛ ነበር። መጨረሻ ላይ ብትሆን ሌሎቹ ሲያስረዝሙ የሚቆረጠው የእሷ ሰዓት ነው። በቃሏ የያዘችው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ሙሉውን የሸመደደ ሰው አንድ ቃል ሲጠፋው ሌላውም ይጠፋዋል። ልምምዱንም መጀመሪያ ለአንድ ጓደኛዋ፣ ከዚያ ለሦስቱም አደረገች።

እኔ ስላይድ ብቻ ሠርቼ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። ምን ችግር አለው?

የአንተ ማርክ በግሩፕ ይመስላል። ብዙ መምህር ግን ድንገት ወደ ዝምተኛው ዞሮ ይጠይቃል። ከፕረዘንቴሽኑ ሁለት ቀን በፊት ተለዋወጡና አንዱ የሌላውን ክፍል በአንድ ደቂቃ ያስረዳ። ያቃተው ሰው ካለ ሥራውን ተከፋፍላችኋል እንጂ አብራችሁ አልሠራችሁም።

የኛው አንዱ ስልክም አያነሳም። ስሙን እናውጣው?

ይሄ የችሎታ ልዩነት አይደለም፣ ሌላ ጉዳይ ነው። ትንሽ ሥራ ቀን ቆርጣችሁ በቴሌግራም ስጡት፤ ጽሑፉ ይቀመጣል። ቀኑ ካለፈ ለመምህሩ ያኔውኑ ንገሩ፣ በፕረዘንቴሽኑ ዕለት አይሁን።

የሚንተባተብ ጓደኛ አለን። ቀድመን ለመምህሩ እንንገርለት?

ሳትጠይቁት አትንገሩ። አንዳንዱ ተጨማሪ ደቂቃ ስለሚያስገኝለት ይወደዋል፣ አንዳንዱ ያፍርበታል። እሱ ካልፈለገ ግን እናንተ አንድ ደቂቃ ከየድርሻችሁ ልቀቁለት። ይበቃል ወይ? እኔም ገና አልቆረጥኩም። እንደዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ንገሩን።