ከነውሃና መብራቱ 14 ሺህ ወይስ ቆጣሪው ለብቻ 16 ሺህ?

«ሰላም ቤተሰቦች። ባለቤቴና እኔ መገናኛ ነው የምንሠራው፣ አንድ ልጅ አለን። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሁለት ባለ አንድ መኝታ አየን። አንዱ 4ኛ ፎቅ፣ ውሃና መብራት ጨምሮ 14 ሺህ። ሌላው 1ኛ ፎቅ፣ ቆጣሪው ለብቻ፣ 16 ሺህ። የካ አባዶ ደግሞ ባለ ሁለት መኝታ 2ኛ ፎቅ በ14 ሺህ 500 አለ። የቱ ያዋጣናል?»

እህቴ፣ ደላላው «ዛሬ ቀብድ ካላስያዝሽ ይሄዳል» ቢልሽም ታገሺ። እኔ እዚያው ሰሚት ነኝ። አሁን 1ኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ከዚያ በፊት ግን 4ኛ ፎቅ ላይ፣ ልክ እንዳንቺው «ውሃና መብራት ጨምሮ» በተባለ ቤት ነበርኩ። ስለዚህ የማውቀውን በተራ ልንገርሽ።

1. ውሃ። አከራዩ ቢሉን ስለከፈለ ውሃው 4ኛ ፎቅ አይወጣም። ውሃ ሽቅብ 10 ሜትር ሲወጣ አንድ ባር ያህል ግፊት ያጣል። 4ኛ ፎቅ ደግሞ ከመሬት 12 ሜትር ገደማ ነው። በፈረቃ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቧንቧ ሲከፍት መስመሩ ላይ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ታች ያሉት ሲቀዱ ላይ ያለው ቧንቧ አየር ብቻ ይነፋል። እኔ ቤት ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ነበር ጠብ ጠብ የሚለው፤ አንዳንድ ሳምንት እሱም የለም። ስለዚህ ለሚያወጡልን ልጆች ነበር የምንከፍለው። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 4ኛ ፎቅ ለማድረስ 25 ብር። ልጅ ላለው ቤት፣ ውሃ በሌለበት ቀን አምስት ጀሪካን ብዙ አይደለም። በሳምንት አራት ቀን ውሃ ከሌለ 500 ብር ነው፤ በወር ከ2 ሺህ ያልፋል። ያ 14 ሺህ ብር ገና ከመነሻው 16 ሺህ ሆነልሽ ማለት ነው።

ይህን ከመከራየትሽ በፊት ማወቅ ትችያለሽ። ቤቱን ውሃ በሚመጣበት ቀን፣ ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ እዪው። የኩሽናውንም የሻወሩንም አንድ ላይ ክፈቺ። ደረጃው ላይና በረንዳዎቹ ላይ በርሜል ከተደረደረ መልሱ እሱ ነው። ጣሪያው ላይ ሮቶ ካለ የማን እንደሆነ፣ በፓምፕ ይሙላ አይሙላ ጠይቂ። የምትጠይቂው ግን ደላላውን ሳይሆን እዚያው ፎቅ ላይ ያለችውን ጎረቤት ነው።

2. መብራት። እኔን ያቃጠለኝ ይሄኛው ነው፣ ትንሽ ልዘርዝረው።

የዚያ ቤት ቆጣሪ ገና አልገባም ነበር። መብራቱ ጎን ካለው ከአከራዩ ቤት ነበር የተሳበው። ከዚያው ቆጣሪ ደግሞ ስቱዲዮ ለተከራየ ሌላ ሰው ተቀጥሏል። ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ። የመብራት ታሪፍ ሰባት እርከን አለው፤ የመጀመሪያው እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት፣ የመጨረሻው ከ500 በላይ ነው። ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ብቻሽን ብትሆኚ መካከለኛው እርከን ላይ የምትቀሪው ሴት፣ ሦስት ቤት ሲደመር በውዱ ዋጋ ትከፍያለሽ። በዚያ ላይ ሁለት ሰው ምጣድ አንድ ላይ ካበራ ብሬከሩ ይወርዳል። ሊጥ ቀርቦ በጨለማ መቀመጥ ነው።

ሦስተኛው ወር ላይ አከራዩ መጣና «መብራቱ ከብዶኛል፣ ከዚህ ወር ጀምሮ 1,200 ብር ጨምሪ» አለኝ። የኪራይ አዋጁን፣ ቁጥር 1320/2016ን፣ አንብቤዋለሁ። አከራይ በራሱ ፈቃድ ኪራይ እንዲጨምር አይፈቅድም። ይህን ስነግረው «ኪራዩን መች ነካሁት? መብራቱን ነው ያልኩሽ» አለ። ውላችን ላይ የሰፈረው የኪራዩ ብር ብቻ ነበር። ውሃና መብራት የሚለው የቃል ስምምነት ሆኖ ቀርቷል። አከራዩም «እሱ መጻፍ አያስፈልገውም፣ ቤተሰብ ነን» ብሎ ነበር ያስፈረመኝ።

ልጄን አዝዬ ውሉ ወደተመዘገበበት ወረዳ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ የነበረው ሠራተኛ ስልኩን እየነካካ «ውሉ ላይ መብራት የሚል የለም፣ አይመለከተንም» አለኝ። ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። ውሉ ላይ አለመኖሩስ እውነት ነው፤ ግን ለተከራይ ጥበቃ የወጣ ሕግ ሥራ ላይ የሚያውለው ቢሮ፣ ሰው እንዲህ መልሶ መላክ ነበረበት? ቢያንስ ቀጣዩን ውል እንዴት አድርጌ እንደምጽፍ ቢነግረኝ ምን ይጎድልበት ነበር? ዛሬም ሳስበው ያበግነኛል።

ቀጣዩን ውል ራሴው አጻፍኩት፤ በዚህ እኮራለሁ። አከራዬ መጀመሪያ ፊቱን አጠቆረ፣ በኋላ ግን ለእሱም እንደሚጠቅም ገባው። ቃሉን እንዳለ ውሰጂው፦ «መብራት፦ ቤቱ የራሱ ቆጣሪ አለው፤ ተከራይ በቢሉ መሠረት ይከፍላል። ውሃ፦ ተከራይ በቢሉ መሠረት ይከፍላል። የጥበቃና የጽዳት ወርሃዊ መዋጮ፦ አከራይ ይከፍላል። ቤቱ በተረከበበት ቀን የቆጣሪ ንባብ፦ ይህን ያህል።» 4ኛ ፎቁን የምትይዢ ከሆነ ደግሞ «የመብራትና የውሃ ወጪ በኪራዩ ውስጥ የተካተተ ነው፤ በውሉ ዘመን ተጨማሪ ክፍያ አይጠየቅም» የሚል ይግባ። አከራዩ ይህን አልፈርምም ካለ፣ 14 ሺው 14 ሺህ ሆኖ አይቆይም።

«ቆጣሪው ለብቻ ነው» የሚለውንም በወሬ አትቀበዪ። የቤቱን ብሬከር አውርጂና ቆጣሪውን እዪው። ቀዩ መብራት አሁንም ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ከሱ ላይ ሌላ ሰው አለ። ከዚያ ብሬከሩን መልሰሽ ምድጃ አብሪ። ፍጥነቱ ካልጨመረ ያሳዩሽ ቆጣሪ የሌላ ቤት ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ አሁን ያለሁበትን ቤት ስይዝ ደላላው እያጉረመረመ አድርጌዋለሁ።

3. የካ አባዶ። ክፍሉ ይሰፋል፣ ዋጋውም ደህና ነው። ግን ሁለታችሁም መገናኛ ነው የምትገቡት። ከሰሚት ይልቅ በአንድ ጉዞ 25 ብር ቢጨምርባችሁ እንኳን፣ ደርሶ መልስ ለሁለት ሰው 100 ብር ነው፤ በ24 የሥራ ቀን 2,400። ከሰሚቱ 1ኛ ፎቅ ያተረፍሽው 1,500 ብር በታክሲ ያልቃል። የጠዋቱን ሰልፍ አልቆጠርኩትም። ልጁ ትምህርት ቤት እዚያው ከገባ፣ ወይም አንዳችሁ ሥራችሁ ወደዚያ ከቀረበ ሌላ ነገር ነው። ደግሞ ባለ ሁለት መኝታ ስለተባለ ብቻ አትመኚ፣ ሜትር ይዘሽ ሂጂ። በረንዳ ተዘግቶ «ሁለተኛ መኝታ» የተባለ ቤት በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ ብሆን የሰሚቱን 1ኛ ፎቅ ነው የምይዘው። ለብቻ ቆጣሪ፣ ለሦስት ሰው፣ በምጣድም እየጋገርኩ ውሃና መብራቱ አንድ ላይ ከ1,000 ብር አልፎብኝ አያውቅም። 17 ሺህ ገደማ ይመጣል፤ 4ኛ ፎቁም ከነጀሪካኑና ከነ«መብራት ከበደኝ»ው ያው ወይም ከዚያ በላይ ነው። ግን 1ኛ ፎቁም የራሱ ጣጣ አለው። በሥሩ ምግብ ቤት ወይም ግሮሰሪ ካለ እስከ እኩለ ሌሊት ሙዚቃ ነው። የፍሳሽ ማንሆሉ በር ላይ ከሆነ ክረምት ላይ ሲሞላ ሽታው ወደ ቤት ይገባል። ማታ ሄደሽ ሳታዪው ቅድሚያ አትክፈዪ። ስትከፍዪም አዋጁ የሚፈቅደው የሁለት ወር ብቻ ነው፣ በባንክ አስገቢ። የስድስት ወር የሚል ካለ አዋጁን ጥቀሺለት። ውሉን በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ፤ መስኮቱ ጋ ያለው ሰው ቢያመናጭቅሽም ማህተም ሳይመታልሽ እንዳትመለሺ።