መልስ፦ ከ«ተጨማሪ ቦነስ» የቱ ቃል ይሰረዛል?

«አለቃዬ ‹ተጨማሪ ቦነስ›፣ ‹ያለፈ ታሪክ› የሚሉትን ከደብዳቤዬ ይሰርዛል። የቱን ላውጣ?»

ቅጽሉን ሸፍነህ ተቃራኒውን ፈልግ፤ ተቃራኒ ከሌለው ቅጽሉን አውጣ። የወደፊት ታሪክ ስለሌለ «ታሪክ» ብቻውን ይበቃል። ቦነስም በራሱ ጭማሪ ነው፤ «ተጨማሪ» የሚያስፈልገው ሁለተኛ ቦነስ ስትሰጥ ብቻ ነው።

ከድሬዳዋ ለአቅራቢ የሚጻፍ ደብዳቤ እንውሰድ፦ «ከዚህ በፊት ቀደም ሲል ባደረግነው የጋራ ስምምነት መሠረት 40 ካርቶን ሳሙና እንድትልኩልን በትሕትና እንጠይቃለን።» ስምምነትን አንድ ሰው ለብቻው አያደርገውም፣ አስቀድሞ ካልተደረገም አይጠቀስም። ስለዚህ «በስምምነታችን መሠረት 40 ካርቶን ሳሙና እንድትልኩልን በትሕትና እንጠይቃለን» በለው። ስምምነቶቹ ሁለት ከሆኑ ግን የትኛው እንደሆነ አይታወቅምና ቀኑን ጨምር፦ «በጥር 12ቱ ስምምነታችን»።

«የጽሑፍ ስምምነት» ሲሆን አትንካው፤ የቃል ስምምነትም አለ። «በትሕትና»ም ድግግሞሽ ሳይሆን አክብሮት ነው፣ ይቆይ።